«በየት በኩል ነው የምንሄደው?»

ከስታዲየም መኪና ጠርታ ወደ ሲኤምሲ ሚካኤል የምትሄድ አንዲት ተሳፋሪ እናስብ። ሰዓቱ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሊሆን ነው፤ መንገዱ ተጨናንቋል። እሷ የለመደችው ከመስቀል አደባባይ ቀጥ ብሎ በኡራኤል፣ ከዚያም በሃያ ሁለት አድርጎ መገናኛ የሚያወጣውን መንገድ ነው። ሹፌሩ ግን መስቀል አደባባይ ሲደርስ ወደ ቀኝ ታጠፈና የቦሌን መንገድ ያዘ። ኦሎምፒያን አለፈ። ወሎ ሰፈር ደረሰ። ተሳፋሪዋ ስልኳን አየች፤ በመስኮት አየች፤ የሹፌሩን ማጅራት አየች። ልትናገር ፈለገች፣ ግን ምን ብላ?

በዚህ ቅጽበት ሦስት ነገሮች ሊሆኑ ይችላሉ። አንደኛው፣ ሹፌሩ የኡራኤልንና የሃያ ሁለትን መጨናነቅ ሸሽቶ በቦሌ በኩል ወደ ቀለበት መንገዱ ሊወጣና በኢምፔሪያል አድርጎ መገናኛ ሊደርስ አስቦ ይሆናል። በኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ በዚያ ሰዓት ግን ሊፈጥን ይችላል። ሁለተኛው፣ «ሲኤምሲ ሚካኤል» የተባለው «ቦሌ ሚካኤል» ተብሎ ተሰምቶ ይሆናል። መድረሻው በስልክ ለጥሪ ማዕከል ሲነገር ወይም ሹፌሩ ራሱ ደውሎ «የት ነው የምትሄጂው?» ብሎ በጩኸት መሃል ሲጠይቅ እንዲህ ያለ ስህተት በቀላሉ ይፈጠራል። ሦስተኛው፣ ሹፌሩ ሒሳብ ለመጨመር መንገድ እያስረዘመ ይሆናል።

ከኋላ ወንበር ለተቀመጠ ሰው ሦስቱም ወሎ ሰፈር ላይ አንድ ዓይነት ናቸው። የሚለያዩት ቀለበት መንገዱ ጋ ሲደርሱ ነው። ከአየር ማረፊያው በፊት መኪናው ወደ ግራ፣ ወደ ኢምፔሪያል ከዞረ ወደ መገናኛና ሲኤምሲ እየሄደ ነው። ወደ ቀኝ ከዞረ ግን ቦሌ ሚካኤልን ይዟል፤ ከመድረሻዋ በየደቂቃው እየራቀች ነው ማለት ነው። ስለዚህ የተሳፋሪዋ ጥያቄ «ለምን በዚህ መጣ?» ሳይሆን «የሚለየን መንታ የት ነው?» የሚል መሆን አለበት። አዲስ አበባ ውስጥ ሹፌር መንገድ መሳቱን ለማወቅ የሚሻለው ዘዴም ይኸው ነው። እያንዳንዱን መታጠፊያ መጠራጠር አያስፈልግም፤ ወደ መድረሻው የሚወስደው መንገድና የማይወስደው የሚለያዩበትን ቦታ አስቀድሞ ማወቅና እዚያ ከመድረስ በፊት መጠየቅ ይበቃል።

ይህ ጭንቀት ለከተማው አዲስ ነው ማለት ይቻላል። በሰማያዊና ነጭ ላዳ ዘመን ተሳፋሪ ከመግባቱ በፊት በመስኮት ጎንበስ ብሎ «ሲኤምሲ ሚካኤል ስንት ነው?» ይላል፤ ይከራከራል፤ ይስማማል። ዋጋው አንዴ ከተቆረጠ በኋላ መንገድ ቢረዝም የሚቃጠለው የባለ ላዳው ቤንዚን ነው። ስለዚህ ስለ መንገዱ የሚጨነቀው ሹፌሩ ነበር። ራይድ፣ ዛይራይድ፣ ፈረስና ሌሎቹ ሲመጡ ክርክሩ ቀረ። በአብዛኛው የሚሠራበት ስሌት መነሻ ሒሳብ አለው፤ በዚያ ላይ የተሄደው ኪሎ ሜትርና የፈጀው ደቂቃ ይደመራል። በዚህ ዓይነት ስሌት መንገዱ በረዘመ ቁጥር ከፋዩ ተሳፋሪው ነው፤ የመንገዱ ጭንቀትም አብሮ ወደ ኋላ ወንበር ተሻገረ።

አሁን ግን ዋጋውን ገና ሲጠራ ቆርጠው የሚያሳዩ አገልግሎቶችም አሉ። እንዲህ ባለው ጉዞ ሹፌሩ መንገድ በማስረዘም የሚያገኘው ጥቅም እምብዛም ነው፤ እንዲያውም ነዳጁንና ጊዜውን ያጣል። መኪናው ባልተለመደ መንገድ ሲሄድ የመጀመሪያው ግምት መጨናነቅን መሸሽ ወይም ስህተት መሆን አለበት። ከመጠርጠር በፊት የያዙት ጉዞ ከሁለቱ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ማወቅ ብዙ ነገር ያቀላል።

ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ መሄድ ሁልጊዜ መሳት እንዳልሆነም ማወቅ ያስፈልጋል። ይህን በደንብ የሚያስረዳው ከመገናኛ ወደ አያት የሚወስደው መንገድ ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ሐዲዱ በመንገዱ መሃል ተዘርግቷል፤ መኪና እንደ ድሮው በፈለገበት መዞር አይችልም። ጉርድ ሾላ ላይ ወደ መገናኛ የሚሄዱ መኪኖች በሚያልፉበት በኩል ቆሞ ወደ አያት መኪና የጠራ ሰው ጉዞውን የሚጀምረው ጀርባውን ለአያት ሰጥቶ ነው። ሹፌሩ ሌላ ምርጫ የለውም፤ መዞሪያ እስኪያገኝ ድረስ ወደ መገናኛ ይነዳል። ቀለበት መንገዱም ከዚህ የተለየ አይደለም። ሁለቱን አቅጣጫ የሚለየው አጥር ስለማይታለፍ መዞር የሚቻለው አደባባይ ወይም ማሳለጫ ሲገኝ ብቻ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ ብዙ መንገዶች እንደገና ሲሠሩ የመታጠፊያ ቦታዎችም ተለውጠዋል። አምና የሚታጠፍበት ቦታ ዘንድሮ ላይኖር ይችላል፤ የስልክ ካርታ ደግሞ ለውጡን ሁልጊዜ ቶሎ አያውቅም።

በዚህ ላይ የስልኩ ስህተት ይጨመራል። ስልክ ያለንበትን ቦታ የሚያውቀው ከሳተላይት በሚያገኘው ምልክት ነው፤ ሰማዩ ክፍት በሆነበት እንኳ ጥቂት ሜትሮች ይስታል፣ በረጃጅም ሕንፃዎች መካከል ደግሞ ከዚያም በላይ። ጥቂት ሜትር ሌላ ቦታ ላይ ምንም ላያመጣ ይችላል። ሐዲዱ ባለበት መንገድ ላይ ግን ተሳፋሪውን ከባቡሩ ወዲያ ማዶ የቆመ ያስመስለዋል። አፑ «አያት እዚሁ ፊት ለፊት ነው» ብሎ ያሰላል፤ ሹፌሩ ሲመጣ ተሳፋሪው የቆመው በተቃራኒው በኩል ነው፤ መኪናው ሲንቀሳቀስ ቀሪው ኪሎ ሜትር ከመቀነስ ይልቅ ይጨምራል። ተሳፋሪው ይደነግጣል። ጥፋቱ ግን የሹፌሩ አይደለም።

እንግዲህ እውነተኛው ስህተት እንዴት ይለያል?

አብዛኛው ሰው በካርታው ላይ የሚያየው የተሰመረውን መስመር ነው፤ መኪናው ከመስመሩ ካልወጣ ነገሩ ሁሉ ደኅና ይመስለዋል። መስመሩ ግን የሚታመን ምስክር አይደለም። ሹፌሩ ሌላ መንገድ ሲይዝ አፑ ወዲያው እንደገና ያሰላና ከአዲሱ ቦታ ተነሥቶ አዲስ መስመር ይስላል። መኪናው የትም ቢሄድ ሁልጊዜ መስመር ላይ ያለ ይመስላል። የሚታመነው ቁጥሩ ነው፤ ቀሪው ኪሎ ሜትርና የሚደርሱበት ሰዓት። መኪናው ሲነሣ እነዚህን ሁለቱን ማየትና መያዝ ያስፈልጋል።

ለምሳሌ ከስታዲየም ስትነሣ የተሳፋሪዋ ስልክ 12 ኪሎ ሜትር ቀርቷል፣ መድረሻም 12 ሰዓት ከ45 ነው አለ እንበል። መኪናው ወደ ቦሌ ሲታጠፍ ቀሪው ወደ 14 ቢያድግና የመድረሻው ሰዓት ግን እዚያው 12 ከ45 ላይ ቢቆይ ወይም ቢቀርብ፣ ሹፌሩ ረዘም ያለ ግን ክፍት መንገድ መርጧል ማለት ነው። ኪሎ ሜትሩም ሰዓቱም አብረው ከጨመሩ ጥያቄ ለማንሣት በቂ ምክንያት አለ። ኪሎ ሜትሩ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ጨምሮ ከዚያ መውረድ ከጀመረ መኪናው መዞሪያ ፍለጋ ሄዶ ነበር። ዋና ዋና መገንጠያዎች ካለፉ በኋላም ሳያቋርጥ እየጨመረ ከሄደ ግን መኪናው በእርግጥ እየራቀ ነው። ይህን ለማየት የታሪፍ አፑ የግድ አያስፈልግም። በስልክ ደውሎ የጠራ ሰውም በራሱ ስልክ ካርታ ከፍቶ መድረሻውን ቢጽፍ ያንኑ ቁጥር ያገኛል። የአዲስ አበባን ካርታ አስቀድሞ ስልኩ ላይ ያወረደ ሰው ኢንተርኔት ቢቋረጥበትም ያለበትን ቦታ ማየቱን አያጣም።

ካርታውን ሲያዩ ሰዎች የሚሳሳቱበት አንድ ነገር አለ። ካርታው ሰሜንን ወደ ላይ አድርጎ ቆሞ ከሆነ፣ ወደ ቃሊቲ የሚሄድ መኪና በስክሪኑ ላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ መኪናው ወደ ኋላ የሚመለስ ይመስላል። የሰማያዊዋ ነጥብ ቀስትም መኪና ውስጥ ትሳሳታለች፤ በተለይ መኪናው ቆሞ እያለ ቀስቷ የምታመለክተው አቅጣጫ አይታመንም። ጥቂት አሥር ሜትሮች እስኪጓዙ መጠበቅና ነጥቧ ወዴት እንደተዛወረች ማየት ይሻላል።

ስልኩ የሞተበት ሰውም ከተማዋ ራሷ አቅጣጫ ትነግረዋለች። እንጦጦ በሰሜን ነው፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ከብዙ ሰፈር ይታያል። ከተማዋ ከእንጦጦ ሥር ጀምራ ወደ ደቡብ እየወረደች ቃሊቲ ድረስ ትሄዳለች። የከተማው ሰው ፒያሳንና ስድስት ኪሎን «ላይ»፣ ሳሪስንና ቃሊቲን «ታች» የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም። ወደ አራት ኪሎ ልሂድ ብሎ የተሳፈረ ሰው መኪናው ለረዥም ጊዜ ቁልቁል ሲወርድ ከተሰማውና እንጦጦ ከኋላ መስታወት ከታየው መጠየቅ አለበት። ከሰዓት በኋላ ወደ አያት የሚሄድም ፀሐይ በአብዛኛው ከጀርባው መሆን አለባት፤ ለረዥም ጊዜ ፊት ለፊት ከወጋችው ወደ ምዕራብ እየሄደ ነው። ሲመሽ ይህ ሁሉ አይሠራም፤ ያኔ የሚረዳው የቦታ ምልክት ነው፤ የባቡር ጣቢያ ስም፣ አደባባይ፣ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት፣ የታወቀ ሕንፃ።

የቤተ ክርስቲያን ስም ግን ብቻውን መድረሻ አይሆንም። ሲኤምሲ ሚካኤል አለ፣ ቦሌ ሚካኤል አለ፣ የካ ሚካኤል አለ፣ መካኒሳ ሚካኤልም አለ። ገብርኤልና ማርያምም እንደዚሁ በየሰፈሩ ናቸው። ጀሞ አንድ፣ ሁለትና ሦስት አለው። ሰሚት ኮንዶሚኒየም ያለ ሰው ከሰሚት ሰፊነት የተነሣ ሹፌሩን ግማሽ መንገድ ብቻ ነው የነገረው። የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር በማይሠራበት ከተማ ውስጥ ብዙው መሳት የሚጀምረው መኪናው ከመነሣቱ በፊት ነው፤ ስለዚህ የሰፈሩን ስምና አንድ የታወቀ ምልክት አጣምሮ መናገር ያስፈልጋል። «ሲኤምሲ ሚካኤል፣ ባቡሩ ጣቢያ ጋ» ከ«ሚካኤል» በብዙ ይሻላል።

አሁን ወደ ቃሉ እንምጣ። ተሳፋሪዋ ወሎ ሰፈር ላይ ናት፤ ቀለበት መንገዱ ጋ ለመድረስ ጥቂት ደቂቃ ቀርቷታል።

«የት ነው የምትወስደኝ?» ብትል ሹፌሩ የሚሰማው ጥያቄ ሳይሆን ክስ ነው። «ለምን በዚህ መጣህ?»ም ያው ነው፤ «ለምን» እና «መጣህ» ሲገናኙ ተጠያቂነት ያመጣሉ። «መንገድ ተሳስተሃል» ደግሞ የበለጠ ይከፋል፤ ምናልባት እሱ ትክክል ከሆነ እሷን ያሳፍራታል፤ ከተሳሳተም እሱን ያሳፍረዋል። ያፈረ ሰው ደግሞ ስህተቱን ከማመን ይልቅ መከራከር ይቀለዋል።

የሚሻለው ይህ ነው፦ «ይቅርታ፣ በየት በኩል ነው የምንሄደው?»

ይህ ዐረፍተ ነገር ቀላል ይመስላል እንጂ ብዙ ሥራ ይሠራል። «የምንሄደው» ሲባል ተሳፋሪውና ሹፌሩ በአንድ ጉዞ ላይ ናቸው፤ ከሳሽና ተከሳሽ አይደሉም። በአማርኛ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። «የምትሄደው» ወይም «የሚሄዱት» ለማለት መጀመሪያ አንተ ይሁን እርስዎ መወሰን ያስፈልጋል፤ ከኋላ ወንበር ሆኖ የማያውቁትን ሰው ዕድሜ ከማጅራቱ መገመት ቀላል አይደለም። ዕድሜው የገፋውን ሰው «አንተ» ማለት ያስቀይማል። ወጣቱን «እርስዎ» ማለት ስህተት ባይሆንም አንዳንዴ ቅዝቃዜ ያመጣል። «እኛ» ግን ለሁሉም ይሆናል። በዚህ ላይ መጥሪያ መጨመር ይቻላል፤ ለእኩያ «ወንድሜ»፣ ለሴት ሹፌር «እህቴ»፣ ለትልቅ ሰው «ጋሼ» ወይም «አባቴ»። «ሹፌር!» ብሎ መጥራት ግን የሚኒባስ ወራጅ ልማድ ነው፤ ሁለት ሰው ብቻ ባለበት መኪና ውስጥ ይከብዳል።

የሹፌሩ መልስ ነገሩን ብዙ ጊዜ እዚያው ይፈታዋል። «ኡራኤል ተዘግቷል፤ በቀለበት ወጥቼ በኢምፔሪያል ልወስድሽ ነው» ካለ መንታው ተለይቷል፤ ግራ ይዞራል ማለት ነው። «ቦሌ ሚካኤል አይደል?» ካለም ስህተቱ ያለ ምንም ክርክር ወጣ። «አይ፣ ሲኤምሲ ሚካኤል ነው፤ ባቡሩ ጣቢያ ጋ» ማለት ብቻ ይበቃል። እንዲህ ያለ ስህተት የሁለቱም ነው፤ ማን እንዳጠፋ መመርመር ምንም አይጨምርም።

መልሱ ግልጽ ካልሆነ፣ ለምሳሌ ሹፌሩ «እወስድሻለሁ፣ ችግር የለም» ብሎ ብቻ ካለፈ፣ ሁለተኛው እርምጃ የራስን ዕውቀት በለሆሳስ ማቅረብ ነው። «እኔ የማውቀው በሃያ ሁለት በኩል ነበር፤ ዛሬ ተዘግቶ ነው እንዴ?» እዚህ ላይ ተሳፋሪዋ ሹፌሩ ሊቀበለው የሚችለውን ምክንያት ራሷ አቅርባለታለች። መንገድ ተዘግቶ ከሆነ ያስረዳታል፤ ካልሆነም ፊቱ ሳይጠቁር ይመለሳል። አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ጥያቄ ማስመሰል አይደለም። በደመራ ዕለት፣ መስከረም 16፣ መስቀል አደባባይና ዙሪያው ይዘጋል። በጥምቀት ታቦታት ወደ ጃንሜዳ በሚሄዱበትና በሚመለሱበት ሰዓት፣ በኅዳር የታላቁ ሩጫ ዕለት፣ በየካቲት የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሲኖር፣ እንግዳ ሲያልፍም መንገድ ይዘጋል። ሹፌሩ ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ስለሆነ ቤት የዋለው ሰው ያልሰማውን ሊያውቅ ይችላል።

ሦስተኛው እርምጃ ፈቃድን በግልጽ መናገር ነው። «ቢረዝምም ባይረዝምም በኡራኤል ብንሄድ ደስ ይለኛል» ወይም «እባክህ ቀለበቱ ጋ ወደ ግራ ያዝልኝ።» ከፋዩ ተሳፋሪው ስለሆነ መንገድ የመምረጥ መብት አለው። ኃላፊነቱም አብሮ ይመጣል፤ ተሳፋሪው የመረጠው መንገድ ተጨናንቆ ደቂቃው ቢቆጥር ሹፌሩን መውቀስ አይገባም። ይህን የሚሉበት ጊዜም ወሳኝ ነው። መኪናው መታጠፊያው ላይ ከደረሰ በኋላ «ግራ! ግራ!» ማለት ሹፌሩን በድንገት ረድፍ ያስቀይራል፤ አደጋ ያመጣል። ከመገንጠያው ቢያንስ ጥቂት መቶ ሜትር በፊት መናገር ይገባል። ካለፈ ደግሞ አለፈ፤ «እሺ፣ ቀጥሎ ባለው መዞሪያ እንመለስ» ነው መባል ያለበት።

ይህን ሁሉ ከጉዞው በፊት መጨረስም ይቻላል። ብዙ ልምድ ያላቸው ሹፌሮች ገና መኪናው ሳይንቀሳቀስ «በማፑ ልሂድ ወይስ የምታውቁት መንገድ አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። ሹፌሩ ካልጠየቀ ተሳፋሪው ሊጠይቅ ይችላል፦ «ሲኤምሲ ሚካኤል ነው የምንሄደው፤ አሁን በየት በኩል ይሻላል?» በዚህ አንድ ዐረፍተ ነገር መድረሻው ጮክ ብሎ ተነገረ፣ መንገዱ በስምምነት ተመረጠ፣ ሹፌሩም ተሳፋሪዋ መንገድ እንደምታውቅ ተረዳ። የኋላውን ጥያቄ አብዛኛውን አላስፈላጊ ያደርገዋል።

ሰው ሆኖ ሹፌሩንም ማየት ተገቢ ነው። ከተማው ሰፍቷል፤ አራዳ ላይ ያደገ ሹፌር ኮዬ ፈጬን ወይም የካ አባዶን ላያውቅ ይችላል። በስልክ እየተነገረው፣ ማፑን እያየ፣ ከሞተረኛና ከእግረኛ እየተጠነቀቀ ነው የሚነዳው። «ካርታው እኔ ጋ ሌላ ያሳያል፤ አንዴ አብረን ብናየው?» ማለት ይረዳዋል። ይህን ለማየት ግን መኪናው መቆም አለበት፤ እየነዳ ስልክ እንዲያይ መጠየቅ አይገባም።

ትሕትናው የሚያበቃበት ድንበር አለ፤ ይህንም በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ሹፌሩ ሁለት ጊዜ ተጠይቆ ካልመለሰ፣ ከዋና መንገድ ወጥቶ ወደ ጨለማና ሰው ወደሌለበት ከገባ፣ ወይም ጉዞው መሃል ላይ «ሰርዢው፣ በቃል እንስማማ» ካለ ነገሩ የመንገድ ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል። ጉዞው ከተሰረዘ በኋላ መኪናው የት እንደሄደ የድርጅቱ መዝገብ አይከተልም፤ ስለዚህ መሰረዝን አለመቀበል ተገቢ ነው። በዚህ ጊዜ ለቤተሰብ ደውሎ ሹፌሩ በሚሰማው ድምፅ «ወሎ ሰፈር አልፌያለሁ፣ የታርጋ ቁጥሩን ልኬልሃለሁ» ማለት ይረዳል። ከዚያ የሚባለው አጭር ነው፦ «እባክህ እዚህ ጋ ጥግ ያዝልኝ፤ እዚሁ እወርዳለሁ።» ምክንያት መስጠት አያስፈልግም። የሚወርዱበት ቦታ ግን ይመረጥ፤ መብራትና ሰው ያለበት፣ ነዳጅ ማደያ፣ ሆቴል፣ ባንክ በር። ሹፌሩ አልቆምም ካለ የፖሊስ ቁጥር 991 ነው።

ከሂሳብ ጋር ለተያያዘ ቅሬታ ግን መኪናው ውስጥ መጨቃጨቅ እምብዛም ውጤት የለውም። ሹፌሩ የተቆጠረውን መለወጥ ላይችል ይችላል፤ ሁለቱም ተናድደው ይለያያሉ። የሚሻለው መንገዱ ሲጀመር የታየውን ኪሎ ሜትርና ዋጋ የስክሪን ፎቶ አንሥቶ መያዝ፣ ሲወርዱ የመጣውን ሒሳብ ማየትና ወደ ድርጅቱ መደወል ነው። በመተግበሪያ የተጀመረ ጉዞ የሄደበት መንገድ ይመዘገባል፤ መዝገቡ ከተሳፋሪው ቃልና ከሹፌሩ ቃል በላይ ይታመናል። ሲደውሉም «ሌባ ሹፌር» ከማለት «በዚህ ሰዓት ከስታዲየም ወደ ሲኤምሲ ሚካኤል ስሄድ መኪናው በቦሌ ሚካኤል ዞሮ መጣ፤ መንገዱን አይታችሁ ሒሳቡን አስተካክሉልኝ» ማለት መልስ ያስገኛል። ሹፌሩ ሳያውቅ ተሳስቶ ከነበረ እንጀራው ላይ የሚደርስ ነገር መኖሩንም ደዋዩ ማሰብ አለበት። ስህተቱን አምኖ ይቅርታ ለጠየቀና ትርፉን ለተወ ሹፌር ቅሬታ ማስገባት አያስፈልግም።

ወደ ተሳፋሪዋ እንመለስ። ወሎ ሰፈርን ሲያልፉ «ይቅርታ ወንድሜ፣ በየት በኩል ነው የምንሄደው?» አለች እንበል። «በቀለበት» አላት። «ቀለበቱ ጋ ወደ ኢምፔሪያል ነው አይደል የምንዞረው?» ብላ ደገመች። ሹፌሩ ዝም ብሎ በመስታወት አያት፤ «ቦሌ ሚካኤል አላልሽኝም?» ስህተቱ የወጣው ከመንታው በፊት ስለሆነ ማንም አልከሰረም። ግራ ዞረ፣ በኢምፔሪያል አድርጎ መገናኛ ወጣ። ይህ ጥያቄ ቀለበት መንገዱን ወደ ቀኝ ከዞሩ በኋላ ቢነሣ ኖሮ መዞሪያ ፈልጎ መመለስ፣ ያንኑ ያህል መንገድ በሁለት እጥፍ መሄድና ማን ይክፈል የሚል ጭቅጭቅ ይከተል ነበር።

ይህን ስህተት ለመቀነስ ድርጅቶቹም ማድረግ የሚችሉት አለ። በስልክ ጥሪ የሚያስተናግዱ ሁሉ የመድረሻውን ስም ከነሰፈሩ ለተሳፋሪውም ለሹፌሩም በአጭር የጽሑፍ መልእክት ይላኩ፤ የጥሪ ሠራተኞችም «ሚካኤል» የሚል ሰው ሲደውል «የትኛው ሚካኤል?» ብለው ሳይጠይቁ መኪና አይላኩ።